የዕቅድ ውይይት፦ ለከተማ አዲስ ገቢዎች የወቅት ሥራ፣ ረቂቅ 2

ሰብሳቢ፦ ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። የሠርጉን የወንበር ልብስ ኪራይና የበዓሉን ስጦታ መጠቅለል ለጊዜው አቆይተን በትምህርት መክፈቻ ደብተር መለበድ እንጀምር። 6 ጥቅል ፕላስቲክ ተብሏል።

ወንበር አከራይ፦ የኔ 200 ልብስ ታጥቦ ተቀምጧል፣ ለምን ትገዛላችሁ?

ሰብሳቢ፦ ስለ ደብተር ነው የምናወራው።

ለባጅ፦ ስንት ደብተር እንደሚለብድ ሳይሰላ አይገዛ። ጥቅሉ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። ትንሹ ደብተር ሲገለጥ 30 ነው፤ በግራና በቀኝ 5፣ 5 ለእጥፋት ሲጨመር 40። ቁመቱ ከነትርፉ 25። ስለዚህ 40 ሳንቲ ሜትር ከሚረዝም ቁራጭ ሁለት ይወጣል፣ ከጥቅሉ 50።

ገንዘብ ያዥ፦ ትልቁ ደብተር እጥፍ ስለሆነ 25 ይለብዳል ማለት ነው።

ለባጅ፦ አይለብድም። ቁመቱ ከነትርፉ 34 ነው፤ ከ50 ላይ 16ቱ ይጣላል፣ በርዝመት 53 ስለሚፈጅ 18 ብቻ ይወጣል። ፕላስቲኩን ካዞራችሁት 29 ይወጣል፣ ግን እጥፋቱ ከ4 ስለሚያንስ እየሾለከ ያስቸግራል። አዲስ ሰው ደግሞ ደብተሩን ገልጦ ያጥፋል፤ ፕላስቲኩ ያጥርና ሽፋኑ አይዘጋም። ደብተሩ ተዘግቶ ይታጠፍ።

ጸሐፊ፦ የስም መጻፊያው ወረቀት ላይ የማኅበሩ ማኅተም አለ ወይስ የለም?

ገንዘብ ያዥ፦ ለልጅ ደብተር ማኅተም?

ጸሐፊ፦ ባለፈው ሥራችንን ሌላ ሰው በስሙ የሸጠው ማኅተም ስላልነበረ ነው። ረሳችሁት?

ሰብሳቢ፦ ማኅተሙ ይግባ።

ለባጅ፦ ከገባ ቀለሙ ይድረቅ። እርጥቡ ላይ ፕላስቲክ ከተደረገ ፕላስቲኩ ላይ ይታተማል። ወረቀቱን ከላይ ብትለጥፉት ደግሞ በቦርሳ ፍትጊያ በሳምንቱ ይላጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለዚህ ማድረቂያ ጊዜ፣ ማድረቂያ ጠረጴዛ! ወላጅ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

ጸሐፊ፦ ቀድሞ በሌሊት ይመታል። ማኅበሩን የምታፍሩበት ከሆነ ንገሩን።

ገንዘብ ያዥ፦ ማን አፈረ አለ? ሒሳቡን ነው ያልኩት።

ሰብሳቢ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ የት ነው የምንቀመጠው? ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ጋር የሚነጋገር ሰው ነበር።

ሰብሳቢ፦ እሱ ስልክ አያነሳም። ሌላ ፈቃደኛ?

ወንበር አከራይ፦ ወንበር ከሆነ አለኝ።

ለባጅ፦ ደብተሩ የሚሸጥበት በር ላይ ካልሆነ ሥራው አይመጣም። ልጅ ቤት ከገባ በኋላ እናቱ በጋዜጣ ትለብደዋለች።

ጸሐፊ፦ ማኅተሙን ዛሬ አዝዣለሁ፣ ሁለት መጠን። ዋጋው ከፕላስቲኩ ላይ ይነሳ።

ገንዘብ ያዥ፦ 4 ጥቅል ቀረ ማለት ነው። ትልቁን ደብተር እንተወው?

ለባጅ፦ ከተዋችሁት የላይኛው ክፍል ተማሪ አይመጣም።

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ 3 ላይ ማኅተሙ ገብቷል፣ ጥቅሉ 4 ሆኗል። ቦታው ክፍት ነው።