ከአንድ ወፍጮ የወጣ በርበሬ፣ ሁለት ዋጋ

ጠያቂ (አዳማ)
የተዘጋጀ በርበሬ አሽጌ እሸጣለሁ። ሰፈራችን ያለች ሌላ ነጋዴም ዛላውን የምትገዛው ከእኔው ነጋዴ ነው። የምታስፈጨውም እኔ የማስፈጭበት ወፍጮ ቤት ነው። የእሷ ግን በኪሎ በ150 ብር ይወደዳል፣ ሰውም እሱን ይመርጣል። ምንድን ነው የሚከፍሉበት? እኔስ ምን ላድርግ?

የሱቅ ባለቤት
ማሸጊያው ነው እህቴ። ሰው ውድ ከሆነ ጥሩ ነው ብሎ ያስባል። የሚያምር ላስቲክ አሠሪና አንቺም 150 ጨምሪ።

ቅመም ቤት የሠራ
ወንድሜ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ዋጋ ምልክት ይሆናል፤ ገዢው ሌላ ምልክት ሲያጣ ግን ነው። በርበሬ ደግሞ እንደዚያ ያለ ዕቃ ነው። ቀልቶ ስታዪው ውስጡ ምን እንዳለ አታውቂም። ቀለም ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን የሚለው ስጋት በየቤቱ አለ። ስለዚህ ያ 150 ብር የጣዕም ዋጋ ላይሆን ይችላል። ወጡ እንዳይበላሽ፣ እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ የሚከፍሉት መተማመኛ ነው። ስሟ የሚታወቅ ሴት ብታጭበረብር የምታጣው ደንበኛ አላት። ገዢው የሚቆጥረው ይህንን ነው።

ግን ከመገመትሽ በፊት ፈትኚው። በአንቺና በእሷ በርበሬ ሁለት ወጥ ሥሪ። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ጨው፣ የሚበስልበት ጊዜ አንድ ይሁን። ለ12 ሰው ለእያንዳንዱ ሦስት ስኒ አቅርቢ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ለስድስቱ የእሷ የተለየው ይሁን፣ ለስድስቱ ያንቺ። «የተለየው የቱ ነው?» ብቻ በዪ፤ «የቱ ይጣፍጣል?» አትበዪ። ዝም ብሎ በመገመት 4 ሰው ያህል ያገኘዋል። 8ና ከዚያ በላይ ካገኙት እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ያኔ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የፍሬውን መጠን ተመልከቺ። ፍሬ ሲበዛ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ በርበሬ ከአገር ቤት አስመጣለሁ፤ እናቴ ያዘጋጀችው ከሁሉም ይበልጣል። እዚህ አንዴ ረከስ ያለ ገዝቼ ጨው ብቻ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ስም አልነካም፤ እጥፍ ቢሆንም የማውቀውን እገዛለሁ። አንቺ ወደ ውጭ ትልኪያለሽ?

ቅመም ቤት የሠራ
ወንድማችን የጠየቀው ሌላ ነው፤ ታሪኩ ግን መልሱን ይዟል። አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው ርካሹን ድጋሚ ለመሞከር ቅናሽ አይበቃውም።

ጠያቂ
ሞከርኩት። ከ12ቱ 5 ሰው ነው ያገኘው! ከዚያ የእሷን ደንበኞች አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሦስቱ ያሉት አንድ ነው። እሷ የተፈጨበትን ቀን ትጽፋለች። ቅሬታ ካለም ትለውጣለች። የእኔ ላይ ስሜና ስልክ ብቻ ነው ያለው። ላስቲኩም ነጭ፣ ውስጡን የሚያሳይ ስለሆነ ቀለሙ ይታያል፤ ለገዢው ደስ ይላል ብዬ ነበር።

ቅመም ቤት የሠራ
አምስት ማለት ልዩነት የለም ብሎ መማል አይደለም። ሰው በቀላሉ የሚለየው ልዩነት ግን አይደለም። ወጥ ላይ ካልተለየ ምጥኑን ለመቀየር ገንዘብ አታውጪ።

ቀን ጻፊ። የዛላውን መነሻም ጻፊ፣ ማረቆ ከሆነ ማረቆ፤ ካልሆነ ግን ስሙን አትዋሺ። አስፈጭተሽ ስትመለሺ ከየዙሩ አንድ እፍኝ አሽገሽ አስቀምጪ፤ ቅሬታ ሲመጣ ታነጻጽሪበታለሽ። ወፍጮው ላይ ከአንቺ በፊት እህል ያስፈጨ ካለ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ይቀላቀላል፤ እሱን ለብቻ ያዢ፣ አትሽጪው። ነጩን ላስቲክ ደግሞ ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ አትደርድሪ። ቀይ ቀለሙን ብርሃንና አየር ያደበዝዙታል፤ ደንበኛው ሲያየው «አሮጌ ነው» ይላል። ትንሽ መስኮት ያለው ጥቁር ከረጢት ይሻላል።

የሱቅ ባለቤት
ይሁን፤ ግን ዋጋ ሳይጨመር ይህ ሁሉ ወጪ ከየት ይመጣል?

ቅመም ቤት የሠራ
እኔ መጀመሪያ ቀን መጻፉንና ቅሬታ ሲመጣ መለወጡን አስለምጄ በኋላ ነው የምጨምረው። ቀድሞ መጨመር የሠራላቸው ሰዎችም አውቃለሁ፤ አዲስ ሰፈር የገቡ ናቸው። አንቺን ግን ሰፈሩ በድሮው ዋጋ ያውቅሻል።

ጠያቂ
ከሚቀጥለው ፍጭ ግማሹን ቀን ጽፌበት 50 ብር ጨምሬ፣ ግማሹን እንደነበረው እሸጣለሁ። የቱ ቀድሞ እንደሚያልቅ እዚሁ እጽፋለሁ።