ሶሉሽኑ ሲነበብ ይገባኛል፣ ፈተና ላይ ግን ድርቅ እላለሁ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የማትስ ወርክሺት ሲሰጠን ሲኒየሮች የሰሩትን ሶሉሽን ይልኩልናል። አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ስጽፈው ሁሉም ይገባኛል። ሚድ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ሲቀየር ግን ድርቅ አልኩ። ሶሉሽን ማየት ልተው?

መልስ 1
አዎ ተዪው! ራስሽ ሰርተሽ እስክትጨርሺ አትክፈቺው። እኔ እንደዚያ ነው ያለፍኩት።

መልስ 2 (ቲቶር)
እህቴ፣ ለአንደኛ ዓመቶች ቲቶሪያል እሰጣለሁ፤ እንደ ደብዳቤ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ማየቱን አትተዪ። ጀማሪ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ከሚውል የተሰራ ምሳሌ በደንብ ቢያጠና ይሻለዋል። ያንቺ ችግር እያንዳንዱን መስመር «ለምን?» ሳትዪ ማለፍሽ ነው።

x ወደ 0 ሲሄድ ይህን ሊሚት እንይ፦

```
(√(x+4) − 2) / x
```

ሶሉሽኑ መጀመሪያ ላይና ታቹን በ √(x+4) + 2 ያባዛል። እዚህ ቁሚና የቀረውን በወረቀት ሸፍኚው። ለምን አባዛ? 0 ሲገባ ላይም ታችም 0 ስለሚሆን ነው። ሲባዛ ላይ x ብቻ ይቀራል፤ ከታችኛው x ጋር ይሰረዝና መልሱ 1/4 ይሆናል። ምክንያቱን ከመስመሩ ጎን በራስሽ አማርኛ ጻፊ። ከዚያ ሶሉሽኑን ዝጊና እንደገና ስሪው። ከተያዝሽ አንድ መስመር ብቻ አይተሽ መልሰሽ ሸፍኚ።

ቀጥሎ 4ን 9 አድርጊው፣ 2ን ግን አትንኪው። የገለበጠ ሰው ያንኑ ማባዛት ይደግማል። ላይ x+5 ይመጣል፤ የሚሰረዝ ነገር የለም። መጀመሪያ 0 ያስገባ ሰው ግን ላይ 1፣ ታች 0 መሆኑን ወዲያው ያያል። ሊሚቱ የለም።

መልስ 3
ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? በሎፒታል ሁለት መስመር ነው። እንዲያውም ለሁለተኛው 1/6 አገኘሁ።

ቲቶር
የመጀመሪያው በሎፒታል ይሰራል፣ ዴሪቬቲቭ ከተማራችሁ። ሁለተኛው ግን 0/0 አይደለም፤ ሎፒታል አይገባበትም። ካልኩሌተር ላይ x = 0.001 አስገባ፤ 1000 አካባቢ ይወጣል። −0.001 ስታስገባ ደግሞ ወደ −1000 ይጠጋል። 1/6 የሚሆነው 2ን 3 ስታደርገው ነው።

መልስ 4
እኔን የቸገረኝ ፊዚክስ ነው። ፎርሙላ ይጽፉና መልሱ ላይ ይዘላሉ፣ መሃሉ የለም። «ለምን» የምለው ለየትኛው መስመር ነው?

ጠያቂዋ
ቲቶር፣ በጣም አመሰግናለሁ። 2ን 3 አድርጌ ሰራሁት፣ እውነትም 1/6 መጣ። ግን ወርክሺቱ 20 ጥያቄ አለው፤ ሁሉንም እንዲህ ለመስራት ጊዜው ይበቃል?

ቲቶር
አይበቃም። ከየዓይነቱ አንድ ሁለቱን ብቻ እንዲህ አጥኚ። የቀረውን መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪ፣ ሶሉሽኑን ለማረሚያ ተጠቀሚበት። መልስ 1 ላይ የተባለው ልክ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

የፊዚክሱ ልጅ፣ አንዱን ጥያቄ ፎቶ አንሳና ለጥፈው። የተዘለለውን ሳላየው መመለስ አልችልም።