የቤት ሽያጭ ብር ስም እስኪዛወር ማን ጋር ይቀመጥ?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ቤት ሲሸጥ ብሩ በቀጥታ ለሻጩ መሰጠቱ ቀርቶ፣ ስሙ እስኪዛወር ገለልተኛ ወገን ጋር ይቀመጥ የሚል ሕግ ቢወጣ ትደግፋላችሁ?»

ገዢው፦ እኔ በሁለት እጄ! ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ ነው የሚል ደብዳቤ ነበረን። ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን፣ ብሩን ከፈልኩ። ስም ላዛውር ክፍለ ከተማ ስደርስ የሻጩ ወንድም «ውርስ አለኝ» ብሎ በፍርድ ቤት አሳግዶታል። ብሩ ሻጩ ጋር፣ ካርታው በሻጩ ስም፣ እኔ ቀጠሮ ለቀጠሮ።

ደላላው፦ ወንድሜ፣ ሲፒኦ እኮ ለዚህ ነው ያለው። ባንክ ያረጋገጠው ብር ነው። ሌላ ሦስተኛ ሰው ምን ይሠራል?

የሎስ አንጀለሷ፦ ሲፒኦ የሚያረጋግጠው ብሩ መኖሩን ነው። ሻጩ እጅ ከገባ በኋላ ስሙ ተዛወረ አልተዛወረ ጉዳዩ አይደለም። እኔ እዚህ ካሊፎርኒያ ኤስክሮው ቢሮ ነው የምሠራው፤ ጥያቄው ላይ ያለው ገለልተኛ ወገን ማለት ነው። ቤቱ 600,000 ዶላር ነው እንበል። ገዢው ለምሳሌ 18,000 ቀብድ ያስገባል፤ ለሻጩ ሳይሆን ለእኛ። ሻጩም የማስተላለፊያ ሰነዱን ኖተሪ ፊት ፈርሞ እኛው ጋር ያስቀምጣል። የባንኩ ብድርና የገዢው ቀሪ ገንዘብ ሲገባ፣ በመሀል አዲስ ዕዳ ወይም እግድ መጥቶ እንደሆነ እንደገና ይታያል። ንጹሕ ከሆነ ሰነዱ ካውንቲ በሚባለው የአካባቢው አስተዳደር ይመዘገባል። ሻጩ 350,000 የባንክ ዕዳ ካለበት መጀመሪያ እሱ ይዘጋል፤ የተረፈው፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ለሻጩ ይሄዳል። ያንተ እግድም ከምዝገባው በፊት የመጣ ከሆነ ገንዘቡ ሳይወጣ ይያዝ ነበር።

የቨርጂኒያው፦ የኔ ኤስክሮው ዘንድሮ ጨመረብኝ። በየወሩ ይወስዱብኛል እንጂ ምኑን ጠበቁልኝ?

የሎስ አንጀለሷ፦ እሱ ባንክህ ለቤት ግብርና ለኢንሹራንስ የሚያጠራቅምልህ ነው። የሽያጩ ሌላ ነው።

ሻጭ ነኝ፦ የምታወሩት ስለ ገዢ ብቻ ነው። እኔ ይሄንን ሸጬ ሌላ ቤት ልገዛ ነው። ስም ዝውውሩ ወራት ቢፈጅ፣ ብሬ ተቀምጦ አቅሙ ሲወርድ ማን ይክሰኛል? መጀመሪያ ክፍለ ከተማውን አስተካክሉ!

የሎስ አንጀለሷ፦ እሱስ እውነትህን ነው፤ እዚህ የሚሠራው ምዝገባው ስለማይጓተት ነው። ደግሞ ኤስክሮው ዳኛ አይደለም። ሁለቱ ከተጣሉ፣ አብረው ካልፈረሙ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ ቀብዱ ንቅንቅ አይልም። ትልቁ ራስ ምታታችን ግን ሌባ ነው። የኛን ኢሜይል አስመስሎ «የሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል፤ ገዢው አምኖ ሙሉውን ይልካል። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን መጀመሪያ በሰጠናችሁ ደውሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ደላላው፦ እሺ፣ ባንክ ይያዘው። ወለዱስ የማን ነው?

ገዢው፦ የሻጩ ይሁን፤ እኔ ካርታዬን ብቻ።

ሻጭ ነኝ፦ ወለዱ ከኑሮ ውድነቱ እኩል ይሮጣል? ግማሹ ስንፈርም ይሰጠኝ፣ ግማሹ ይያዝ።

ገዢው፦ ግማሹ ከወጣ ያው ተበላሁ ማለት ነው። 20 በመቶ በለኝና እንነጋገር።