የሲ ቋንቋ የአራት ሳምንት የማታ ጥናት፦ ሐሙስ የሚቀርበው የጋራ ዕቅድ

ሰለሞን (ጸሐፊ)፦ ረቂቁ ይኸው። ሐሙስ ለሥራ አስፈጻሚው ስለሚቀርብ እስከ ረቡዕ ማታ ያላችሁን በሉ። ሰብለ ከጥምቀት በኋላ የኢምቤድድ ሲስተም፣ ማለትም ዕቃ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተርን ፕሮግራም የማድረግ ኮርስ ትገባለች። እዚያ ሲን ከዜሮ የሚያስተምር የለም። ታውቃለች ብለው ነው የሚነሱት። አምና የላክነው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ምን ሆኖ እንደተመለሰ ታውቃላችሁ። ገንዘቡም በዚያው ቀርቷል።

ስለዚህ ከታኅሣሥ 1 እስከ 28፣ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12:30 እስከ 2:30፣ በማኅበሩ ቢሮ ታጠናለች። 12 ምሽት፣ 24 ሰዓት ይሆናል። በአንደኛው ሳምንት የጻፈችውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስነሳው ፕሮግራም የሚቀይር ኮምፓይለር ጭና ቫሪያብል፣ `if` እና `for` ትይዛለች። በሁለተኛው ፈንክሽንና አሬይ። በሦስተኛው ቢት በቢት መሥራት። በአራተኛው ፖይንተርና `struct`። የተጠየቀው 4,500 ብር ነው፤ ለኢንተርኔት፣ ለሻይና ለማታ መመለሻ ባጃጅ።

ብርሃኑ፦ ማክሰኞ ማክሰኞን እኔ ይዣለሁ። የቢሮው ቁልፍም እኔ ጋ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ «ኮምፓይለር ጭና» ያልከው የቱን ነው? ቱርቦ ሲ ካልሆነ እኔ አልፈርምም። ቢሮው ኮምፒውተር ላይ እኔ ራሴ የጫንኩት አለ። ይሠራል። ሌላ ማውረድ ለምን አስፈለገ?

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ `gcc` ነው የሚሻለው። ቦርዱ ላይ የምትጠቀመውም የእሱ ወንድም ነው። የስሕተት መልእክቱን ከአሁኑ ትለምደዋለች።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ ሰማያዊው መስኮት ላይ ነው የተማርኩት። በ1987 ዓ.ም. ማለቴ ነው። ፕሮግራም ጽፈን፣ አስነስተን፣ ፈተናም አልፈናል። አሁን አይረባም ተባለ?

ሄኖክ፦ አይረባም አላልኩም። የሰብለ ላፕቶፕ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ነው። ቱርቦ ሲ ደግሞ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ነው። እንዲሁ ብትጫነው አይከፈትም፤ ዶስን የሚያስመስል ሌላ ፕሮግራም መሃል ማስገባት አለባት። ጀማሪ ሰው የመጀመሪያውን ምሽት በዚህ መጨረስ የለበትም።

ጋሽ ታደሰ፦ ቢሮ እየመጣች አይደል እንዴ የምታጠናው? ላፕቶፗ ምን አገባው?

ሰብለ፦ ቢሮ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሌላውን ማታ ቤት ነው የምለማመደው። ቀን ሱቅ ስልክ እየፈታሁ ነው የምውለው።

እመቤት (ገንዘብ ያዥ)፦ ስለ ኮምፓይለር ስታወሩ አሥር መልእክት አለፈ። 4,500 ብሩን ያየው ሰው አለ? ታኅሣሥ ነው። በዚያ ውርጭ ልጅቷ ከቢሮ እስከ ጠባሴ በእግሯ አትሄድም። የባጃጁን ዋጋ በማታው ታሪፍ አስሉት።

ዳዊት (ሸዋ ሮቢት)፦ እኔ ደግሞ ገንዘቡ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ጥሩ ሪሌይ ይገዛበት እላለሁ። ገበያ ላይ ያለው ውሸት ነው። ለሽንኩርት ችግኝ መደቤ በአርዱኢኖ ኡኖ ቦርድ ፓምፕ አሠራሁ። አንድ ደቂቃ አጠጥቶ ይዘጋል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስደርስ ሮቶው ባዶ፣ ችግኙ ታጥቦ ቦይ ውስጥ፣ ፓምፑ በደረቁ እየጮኸ። ሪሌዩ ተጣብቆ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ያው ነው። ሰብለ በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ከምትማር ይቅርባት።

ሄኖክ፦ ዳዊት፣ የጊዜውን መስመር እስቲ እዚህ ለጥፈው።

ዳዊት፦

```c
unsigned long gize = 60 * 1000;
```

60 ሰከንድ በሺህ ማባዛት ነው። ሚሊሰከንድ። ትልቁን ሳጥን ነው የሰጠሁት፤ `unsigned long`። ምን ጎደለው?

ሄኖክ፦ በ30 ሰከንድ ሞክረኸው ታውቃለህ?

ዳዊት፦ መጀመሪያ በ30 ነበር። ቀጥ ብሎ ይሠራ ነበር። 60 ያደረግሁት አፈሩ አልርስ ሲለኝ ነው።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ሪሌይህ ደህና ነው። ኡኖ ላይ `int` የሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት 16 ቢት ነው፤ የሚችለው እስከ 32767 ድረስ ነው። 60ም 1000ም ሲጻፉ `int` ናቸው። ማባዛቱ የሚካሄደው በ`int` ነው፤ ትልቁ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ከተባዛ በኋላ ነው። 60000 ደግሞ በ16 ቢት አይያዝም። 65536 ተቀንሶለት -5536 ይሆናል። ይህ አሉታዊ ቁጥር አሉታዊ በማይቀበለው ሳጥንህ ሲገባ 4294961760 ሆኖ ይነበባል። በሚሊሰከንድ ወደ 49 ቀን ተኩል አልፎ ነው። ፓምፕህ አልተጣበቀም። 49 ቀን አጠጣ ተብሎ ነው የታዘዘው። 32 ሰከንድ ድረስ ይሠራልሃል፤ ከ33 ጀምሮ ይበላሻል። ከመባዛቱ በፊት 60ው ራሱ እንዲሰፋ እንዲህ አድርገው፦

```c
unsigned long gize = 60UL * 1000;
```

ዳዊት፦ ሁለት ሪሌይ ገዝቻለሁ እኮ። ለምን አልነገረኝም ታዲያ? ቀይ ጽሑፍ አልወጣም።

ሄኖክ፦ ኮምፓይለሩ አይቶታል። `integer overflow in expression` ይላል። ግን አርዱኢኖው `Preferences` ውስጥ `Compiler warnings` የሚለው ሲመጣ `None` ላይ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ይውጠዋል። `All` አድርገው። ሰለሞን፣ ይህች ነገር የመጀመሪያው ምሽት ላይ ትጻፍ። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ `gcc -Wall`።

ጋሽ ታደሰ፦ ቆይ፣ ቆይ። ኡኖ ላይ `int` 16 ቢት ነው አልክ። ቱርቦ ሲም 16 ቢት ነው! እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው? ላፕቶፗ ላይ ይህ ስሕተት አይታይም። የእኔው ላይ ይታያል።

ሄኖክ፦ በዚህ ላይ ልክ ነዎት ጋሼ። ላፕቶፑ ላይ `int` 32 ቢት ስለሆነ የዳዊት መስመር በሰላም 60000 ይላል።

ጋሽ ታደሰ፦ ስለዚህ ቱርቦ ሲ ይግባ።

ሄኖክ፦ ግን ስፋታቸው በስማቸው የተጻፈ የቁጥር ዓይነቶች የሚገኙበት `stdint.h` የለውም። እሱ ከ1999ኙ የሲ ደረጃ ጋር ነው የመጣው፤ ቱርቦ ሲ ከዚያ ይቀድማል። ኮርሱ ላይ የሚሰጣት ኮድ ሁሉ `uint8_t` እና `uint16_t` ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ትቆማለች።

ጋሽ ታደሰ፦ ልክ ነህ ትለኛለህ፣ መልሰህ ትጥለዋለህ። በሽማግሌ መቀለድ ይሄ ነው። ስሜን ከፈራሚዎቹ አውጡት።

ሄኖክ፦ የጣልኩት ፕሮግራሙን እንጂ እርስዎን አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንድ መስኮት ቀለም እየተከራከርን የልጅቷ ጊዜ እያለቀ ነው።

እመቤት፦ ሁለታችሁም ተዉ። ሄኖክ፣ የማኅበሩን የመጀመሪያ መሸጫ ብረት የሰጡን ጋሽ ታደሰ መሆናቸውን አትርሳ።

ሄኖክ፦ ይቅርታ ጋሼ። ድምፄ ከፍ ብሏል።

ሰብለ፦ እናንተ ስትጨቃጨቁ ማታ ሞከርኩት። ሰለሞን በውስጥ `int16_t` ብዬ እንድሞክር ነግሮኝ ነበር።

```c
#include <stdio.h>
#include <stdint.h>

int main(void) {
    int16_t gize = 60 * 1000;
    printf("%d\n", gize);
    return 0;
}
```

-5536 ወጣ። ማስጠንቀቂያም ሰጠኝ። ከዚያ `int16_t`ን `long`፣ `%d`ንም `%ld` አደረግሁት፣ 60000 ሆነ። ስለዚህ ሳጥኑን ማስፋት ይበቃል ማለት ነው?

ሄኖክ፦ ላፕቶፕሽ ላይ ይበቃል። ኡኖ ላይ አይበቃም። ጥሩ ቦታ ነው የነካሽው። ላፕቶፑ ማባዛቱን በ32 ቢት በትክክል ይጨርሳል፤ ቁጥሩ የሚቆረጠው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ነው። ኡኖ ላይ ግን ገና ሲባዛ ነው የሚበላሸው። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ሰፊ ሳጥን ብትሰጪው የሚገባው የተበላሸው ነው። ዳዊት ያደረገውም ይህንኑ ነው። ኡኖ ላይ መስፋት ያለበት ከሚባዙት አንዱ ነው።

ሰብለ፦ እሺ። ታዲያ ይህን ላፕቶፕ ላይ ማየት አልችልም?

ሄኖክ፦ ሙሉ በሙሉ አትችይም። ወይ ቦርዱ ላይ፣ ወይ ጋሽ ታደሰ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚታየው። እንዲህ ቢሆንስ፦ ጥናቱ በ`gcc` ይሁን። በሁለተኛው ምሽት ጋሼ የዳዊትን መስመር ቱርቦ ሲ ላይ ያሳዩአት። ሁለቱ መልስ ጎን ለጎን ይቀመጥ። የቁጥር ስፋት ነገር ሦስተኛው ሳምንት ድረስ መቆየት የለበትም።

ጋሽ ታደሰ፦ ሁለተኛው ምሽት ማክሰኞ ነው። እመጣለሁ። ስሜን መልሱት።

ዳዊት፦ አንድ ኡኖ ይገዛላት እንጂ። ያኔ ክርክሩም አይኖርም። ፓምፑ 49 ቀን ሲሄድ በዓይኗ ታየዋለች።

እመቤት፦ ከየት አምጥተን? ሻይና ኢንተርኔቱን ብንሰርዝ ይወጣ ይሆናል። ባጃጁን ግን አልነካም።

ጋሽ ታደሰ፦ ቦርድ የሚገዛ ከሆነ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ቢሮ ይቀመጥ። ለአንድ ሰው ብቻ አይሁን። የወንድሜም ልጅ ይለማመድበት።

ዳዊት፦ እኔም ቅዳሜ ስመጣ እጠቀምበታለሁ። ሪሌዩን እኔ እሰጣለሁ፤ ሁለት ትርፍ አለኝ።

ሰለሞን፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክያለሁ። ርዕሱ «የልምምድ ቦርድ ግዢና የማታ ጥናት» ሆኗል። ሥራ አስፈጻሚው ዕቃ ሲያይ ቶሎ ይፈቅዳል። የቁጥር ስፋት ወደ አንደኛው ሳምንት መጥቷል። ቦርዱን ሌሎችም ስለሚፈልጉት ሐሙስ ሐሙስ የጋራ ልምምድ ይሆናል። ቦታ እንዲገኝ ፖይንተርን ወደ አንድ ምሽት አሳጥሬዋለሁ።

ሄኖክ፦ ሐሙስን ለሁሉም ከሰጠህ ለሰብለ የቀራት 8 ምሽት ነው። ፖይንተርን በአንድ ምሽት አትይዘውም። ፖይንተር የሜሞሪ አድራሻ መያዣ ነው፤ ኮርሱ ላይ ፒን የምታበራው አድራሻ ላይ በመጻፍ ነው። አድራሻ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ብትሄድ የአምናው ልጅ ታሪክ ይደገማል። `struct` ይውጣ፣ ፖይንተር ሦስት ምሽት ይሁን።

ሰለሞን፦ `struct` ይወጣል። ሦስት ምሽት ግን ከየት ላምጣ? ሐሙስን ጋሽ ታደሰ አይለቁም።

ጋሽ ታደሰ፦ አልለቅም። ንብረቱ የጋራ ነው።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ፖይንተሩን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቤት ትማራለች። በዕቅዱ አትጻፈው።

እመቤት፦ ያልተጻፈ ነገር አላውቅም። ባጃጅ አይከፈልበትም።

ሰብለ፦ እሑድን በእግሬ እመጣለሁ። ማክሰኞ ግን ቢሮውን ማን ይከፍትልኛል? ብርሃኑን ከትናንት ጀምሮ እየደወልኩለት ነው፣ አያነሳም። ቁልፉ እሱ ጋ ነው።