የስፌት ማሽን ልግዛ ወይስ በኪራይ ልቀጥል?

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራበት ማሽን የኪራይ ነው፣ በወር 1,500 ብር እከፍላለሁ። ሲበላሽ የሚያስጠግነው አከራዩ ነው። ተመሳሳዩን አዲስ ማሽን በ24,000 ብር አገኘሁ፣ ያጠራቀምኩት ደግሞ 26,000 ብር ነው።

መጀመሪያ ዝም ብዬ 24,000ን ለ1,500 አካፈልኩት። 16 ወር መጣ፣ ደስ አለኝ። ግን ማሽኑ የኔ ከሆነ ዘይቱ፣ ቀበቶው፣ ስፌት ሲዘል ማስተካከያው ሁሉ በኔ ላይ ነው። ለዚህ በወር 300 ብር ያዝኩ። ስለዚህ በትክክል የሚተርፈኝ 1,200 ብር ብቻ ስለሆነ 16ቱ ወር 20 ሆነ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በዓመት ሁለት ወር ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ማሽኑን እመልስና ኪራይ አልከፍልም። ማለትም የምቆጥበው የ10 ወር ብቻ ነው፣ በዓመት 12,000 ብር። አሁን ገንዘቤን የምመልሰው በ2 ዓመት ሆነ! በዚያ ላይ ከገዛሁ በእጄ የሚቀረው 2,000 ብር ነው፣ ለክርና ለጨርቅ እንኳ አይበቃኝም።

አንድ ጓደኛዬ ግን «ረሳኸው እንጂ ከ2 ዓመት በኋላ ብትሸጠው 14,000 ብር ያወጣል፣ ስለዚህ ወጪህ 10,000 ብቻ ነው» አለኝ። በዚህ ከሄድን ከአንድ ዓመት በታች ነው የሚመልሰው። እኔን የከበደኝ ይሄ ነው፣ ማሽኑን ካልሸጥኩት ያ ገንዘብ እጄ አይገባም።

በዚህ ሥራ ላይ የቆያችሁ፣ የመሸጫውን 14,000 ብር ከአሁኑ ከዋጋው ቀንሼ ልግዛ ወይስ እንደሌለ ቆጥሬ በኪራይ ልቀጥል?