«በተወለዱ በ82 ዓመታቸው» ሲል 82 ሞልቷል ወይስ ጀምሯል?

የቀሐ ልጅ፦ ጎንደር ያለው የቅድመ አያቴ መቃብር ድንጋይ እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት ፲፰፻፹፭ ተወለዱ። በተወለዱ በ፹፪ ዓመታቸው ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷… ዘመነ ሉቃስ ዐረፉ።» የመጨረሻዋ ቁጥር ተበልታለች። ፮ ወይ ፯ ትመስላለች። «በ82 ዓመታቸው» ማለት 82 ሞልቷቸው ነው?

ፊደል ወዳድ፦ አዎ፣ ሞልቷቸው ነው። ያልሞላ ቢሆን «በ82ኛው ዓመታቸው» ይል ነበር። ስለዚህ 1967 ነው።

አባ ቆጣሪ፦ መልሱ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን አያደርስም። ከመጋቢት 1885 እስከ ጥቅምት 1967 81 ዓመት ከ7 ወር ነው። 82 አልሞላም። ሰው ግን ወር አይቆጥርም፤ ዓመት ካመት ይቀንሳል። «ኛ» መኖር አለመኖሩም በድንጋይ ላይ ብዙ አያስተማምንም። ይልቅ ሉቃስን ያዙ። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1966 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ። 1967 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ሉቃስ። ፯ ናት ማለት ነው። ድንጋዩን ግን በሽቦ እንዳትፍቁት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂዱ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ጭረቱ ይታያል።

እትዬ ጥሩ፦ የኛም ድንጋይ ተሳስቷል። አክስቴ ውጭ አገር በየካቲት ነው ያረፈችው። ልደቷን በኛ 1940፣ ሞቷን ከውጭው ወረቀት 2018 ብለው ገልብጠው 78 ዓመት አስጻፉላት። ስምንት ልቀንስ?

ፊደል ወዳድ፦ ሰባት ነው፣ እትዬ።

አባ ቆጣሪ፦ የካቲት ከሆነ ስምንት ነው። ሰባት የሚሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ፣ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ ነው። ስለዚህ ያረፉት በ2010 ነው። ልደቱ በኛ ከሆነ ዕድሜያቸው 70 ገደማ ይመጣል። አንድ ድንጋይ ላይ ልደቱ በኛ፣ ሞቱ በፈረንጆቹ ሲጻፍ ዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ይረዝማል፤ ሲገለበጥ ደግሞ ያጥራል።

የቀሐ ልጅ፦ ዛሬ አጎቴን ጠየቅሁት። ድንጋዩን ያስጻፈው እሱ ነው። የልደት ዓመቱን የሚያውቅ አልነበረም። ወሩን እሳቸው ነግረውት ነበር፤ ዕድሜውን «82 ሆኗቸዋል» ሲሉ ሰምቶ፣ ከሞቱበት ዓመት ቀንሶ 1885 አደረገው።

አባ ቆጣሪ፦ እንግዲያስ 82 እና 1885 ሁለት ምስክር አይደሉም፤ አንድ ናቸው፣ እሱም ወሬ ነው። ግን ልብ በል፣ አጎትህ 82 ቀንሶ 1885 ላይ የደረሰው ከ1967 ተነሥቶ ነው። የሞታቸው ዓመት በሉቃስም በዚህም ጸና። ዕድሜያቸውን ግን 80ም 85ም ሊሆን ይችላል ብለህ ያዘው።

ፊደል ወዳድ፦ እኔ ግን «ኛ»ን አልተውም።