ፈረቃችን አልገጥም ብሎናል፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?

እኔ ጎንደር ውስጥ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ፋብሪካ ይሠራል። የእሱ ፈረቃ በየሳምንቱ ይዞራል፦ አንዱን ሳምንት ከጠዋቱ 1 እስከ 9 ሰዓት፣ ቀጣዩን እስከ ማታ 5፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ። የእኔ የተራ ዝርዝር ደግሞ በወር አንዴ ይወጣል።

ከባዱ እሱ ከሰዓት የሚገባበት ሳምንት ነው። ማታ ሲመጣ እኔ ተኝቻለሁ፤ ጠዋት ስወጣ እሱ ተኝቷል። እራቱን ከድኜለት እተኛለሁ፣ ጠዋት ሳህኑን ታጥቦ አገኘዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ንግግራችን ይኸው ነው። አብረን የምናርፍበት እሁድም ለለቅሶና ለማኅበር ይሄዳል።

የሌሊት ተራዬን እሱ ሌሊት ከሚገባበት ሳምንት ጋር እንዲያገጥሙልኝ አለቃዬን ልለምን አስቤያለሁ። ቀን አብረን እንተኛለን፣ ከሰዓት ቡና አፍልቼ እናወራለን። ግን የእኔ በወር፣ የእሱ በሳምንት ስለሚዞር ሁሌም አይገጥምም። ባልደረቦቼም ቅር ይላቸዋል ብዬ እፈራለሁ።

ለእሱስ ምን ልበለው? «ናፍቀኸኛል» ስለው «ለማን ብዬ ነው የምለፋው?» ይለኛል። ወቀሳ ይመስለዋል። ሁለታችሁም በፈረቃ የምትሠሩ ባለትዳሮች፣ ይህን መቼና በምን ቃል ነው የምታነሱት?